የዓይናለም ጉድጓድና የአንድ ሰዓት መብራት

መቀሌ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ውሃ በአብዛኛው የተቀዳው ከዓይናለም ጉድጓዶች ነው። ውሃው የሚገኘው በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ውስጥ ስለሆነ፣ አንዱ ጉድጓድ በደንብ እየሰጠ ጎረቤቱ ሊያንስ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ለሚቆፈር ጉድጓድ የተሠራ የአዋጭነት ስሌት እጄ ሲገባ፣ ከትርፉ በፊት የማየው በቧንቧ የሚባክነው ውሃ በየትኛው ረድፍ ላይ እንደተቀነሰ ነው። የሠሪው እጅ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ስሌቱን ለማሳየት ያህል ቁጥሮች እናስቀምጥ። ጉድጓዱ በሰከንድ 20 ሊትር ይሰጣል፤ ፓምፑ በቀን 20 ሰዓት ይሠራል። በዓመት 525,600 ሜትር ኩብ ይወጣል ማለት ነው። ከዚህ 20 በመቶው በመንገድ ይባክናል፣ 420,480ው ይሸጣል። ዋጋው በሜትር ኩብ 25 ብር፣ የመብራትና የክሎሪን ወጪው 8 ብር፣ ብድርና ደመወዝን የመሰለው ቋሚ ወጪ ደግሞ በዓመት 6 ሚሊዮን ብር ይሁን።

ችኩል ሠሪ ከ25 ላይ 8 ቀንሶ 6 ሚሊዮኑን ለ17 ያካፍላል። ወጪና ገቢ እኩል የሚሆኑበት ሽያጭ 353,000 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣለታል፤ ከታቀደው ሽያጭ በ16 በመቶ ስለሚያንስ ሁሉም ደህና ይመስላል። ጥንቁቁ ግን መብራት የሚከፈለው ለተሸጠው ብቻ ሳይሆን ለተቀዳው ውሃ ሁሉ መሆኑን አይረሳም። 8 ብሩን ለ0.8 ሲያካፍለው ለእያንዳንዱ የተሸጠ ሜትር ኩብ 10 ብር ይወጣል፤ የሚተርፈው 15 ብር ነው። እኩል ነጥቡ 400,000 ይሆናል። ያ ሁሉ ምቾት ወደ 5 በመቶ ወረደ። አንድ ማካፈል ብቻ ናት፤ እኔ ግን እንዲህ ያለችውን ረድፍ ሳገኝ የቀረውን ገጽ በእምነት አነባለሁ።

እኩል ነጥብ ገደሉ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ይነግራል፤ ማን እንደሚገፋን ግን አይነግርም። እሱን የሚያወጣው እያንዳንዱን ግምት ለብቻው እያነቃነቁ መፈተን ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ሁሉንም እኩል 10 በመቶ ከፍ ዝቅ ማድረግ ሲሆን፣ ይህ ሥራ አይመስለኝም። ጎበዙ ጥያቄውን ይገለብጠዋል፤ ትርፉ ዜሮ እስኪገባ እያንዳንዱ ግምት ምን ያህል ቢሳሳት ነው? በእኛ ምሳሌ ዋጋው ወደ 24.27 ብር፣ ብክነቱ ወደ 22.3 በመቶ ቢሄድ ይበቃል። የፓምፑ ሰዓትስ? ከ20 ወደ 19 ሲወርድ ኪሳራው ይጀምራል። በቀን የአንድ ሰዓት መብራት መጥፋት! ይህን ቁጥር ያወጣ ሰው ለቀጣዩ ጥናት ገንዘቡን የት እንደሚያውል ያውቃል፦ በመብራት መቋረጥ መዝገብና በፓምፕ ሙከራው ላይ። ሙከራው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሲሆን፣ በሱ የምንተነብየው ግን የብዙ ዓመት ውሃ ነው።

ይህም ፈተና ቢሆን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ አንዱን ሲያነቃንቅ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል ብሎ ያስባል። ዓይናለም ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። ጎረቤት ጉድጓዶች አብረው ሲቀዱ የውሃው ከፍታ ይወርዳል። ሲወርድ ጉድጓዱ የሚሰጠው ያንሳል፤ በዚያው ልክ ፓምፑ ከጥልቅ ስለሚስብ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ የሚበላው ኃይል ይጨምራል። ምርቱ ብቻውን 3 በመቶ ቢቀንስ 118,000 ብር ያህል ትርፍ ይቀራል። የመቅጃው ወጪ ብቻውን 4 በመቶ ቢጨምር 139,000 ያህል ይቀራል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ 45,000 ብር ገደማ ኪሳራ ነው። ሁለቱንም የሚያመጣው አንድ ምክንያት፣ የውሃው መውረድ፣ ስለሆነ አብረው መምጣታቸው አይቀርም።

ሲናርዮ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። ጥሩ ሲናርዮ «መልካም፣ መካከለኛ፣ መጥፎ» ተብሎ አይሰየምም፤ በምክንያቱ ይጠራል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር መብራቱ፣ ባንኩና መንገዱ በአንድነት ተቋረጡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ከውጭ የሚገባው ፓምፕና መለዋወጫ ዋጋ የውሃ ታሪፉ እስኪሻሻል አይጠብቅም። ሲናርዮ ይህ በስንት ዕድል እንደሚደርስ አይናገርም፤ እንዲናገር የሚያስገድዱት ሰዎች ያበላሹታል። የሚያሳየው የትኞቹ ግምቶች በአንድ ገመድ እንደታሰሩ ነው።

በጣም የምወደው ሠሪ ከእያንዳንዱ ሲናርዮ አጠገብ አንድ ምልክት ይጽፋል፦ ፓምፑ አርፎ የሚለካው የውሃ ከፍታ በተከታታይ ከክረምት በኋላም ካልተመለሰ፣ የ3 እና የ4 በመቶው ስሌት ዋናው ግምት ይሆናል፤ ብድሩም በዚያ ስሌት እንደገና ይታያል።