ካርታው ከመታየቱ በፊት

ለብድር የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን የሚጀምረው ከቤቱ ነው። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ ስፋቱን፣ ሰፈሩን፣ ጎረቤቱ በስንት እንደሸጠ ይነግረኛል። ቤቱ ይህን ያህል ካወጣ የዚያን ግማሽ ከመበደር የሚከለክለኝ የለም ብሎ ያምናል። እኔ ግን ካርታውን ተቀብዬ ወደ ጎን አስቀምጥና ሌላ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ የየወሩ ክፍያ ከየት ይመጣል? በብድር ሥራ ውስጥ የቆየሁበት ትልቁ እምነቴ እዚህ ላይ ነው። ዕዳን የሚከፍለው ገቢ ነው። መያዣ የሚያገለግለው ገቢው ሲከሽፍ ነው፤ ስለዚህ የገቢውን ጥያቄ ሊመልስልን አይችልም።

ታዲያ ባንክ መያዣ ለምን ይጠይቃል? የመጀመሪያው ምክንያት ተበዳሪው ስለ ንግዱ የሚያውቀውን ያህል አበዳሪው ስለማያውቅ ነው። ገበያው መቀዝቀዙን፣ ሸሪኩ ሊለየው መሆኑን፣ ዕቃው መጋዘን ውስጥ መክረሙን ቀድሞ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። እነዚህን ሁሉ እያወቀ የልጆቹን ቤት የሚያስይዝ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ መያዣ መጠየቁ ብቻ በሥራው የማይተማመነውን ገና ከበር ይመልሰዋል። ሁለተኛው ምክንያት ብድሩ ከተሰጠ በኋላ የሚታይ ነው። ነጋዴ እጁ ሲያጥረው ለማን አስቀድሞ እንደሚከፍል ይመርጣል፤ ቤቱን የያዘው አበዳሪ ከምርጫው መጨረሻ ላይ አይቀመጥም። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው ብቸኛ የሚመስለው ምክንያት፣ ነገሩ ሁሉ ካልሆነ ንብረቱን ሸጦ ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ቀድሞ ገንዘቡን መውሰድ ነው። የሚበደረው ገንዘብ የአስቀማጮች ነውና ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ግን ከሦስቱ ውድ የሆነውና አድካሚው እሱ ነው።

ገቢን እንዴት እንደምንመዝን ለማሳየት የአንድ ዳቦ ቤት ማመልከቻ እንውሰድ። ባለቤቷ አዲስ ምድጃና ማቡኪያ ማሽን ለመግዛት 1,500,000 ብር በአራት ዓመት የሚከፈል ብድር ጠይቀዋል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው እንበል። በየወሩ እኩል የሚከፈል ከሆነ ክፍያው ወደ 44,000 ብር ይደርሳል። ለመያዣ ያቀረቡት ቤት 3,500,000 ብር ተገምቷል፤ በመያዣው በኩል ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለም።

ወይዘሮዋ በቀን 4,000 ዳቦ እንሸጣለን ይላሉ። አንዱ ዳቦ መቶ ግራም ሲሆን በ10 ብር ይሸጣል። መደበኛ የሒሳብ መዝገብ የሌለው ንግድ ብዙ ነው፤ ባለበትም ለግብር የተያዘው መዝገብና ለባንክ የሚነገረው ቁጥር አይገናኝም። ስለዚህ ወደ ዱቄቱ እሄዳለሁ። አንድ ኩንታል ዱቄት ውሃ ጠጥቶ ተቦክቶ ከተጋገረ በኋላ 130 ኪሎ ገደማ ዳቦ ይወጣዋል፤ ይህም 1,300 ዳቦ ማለት ነው። 4,000 ዳቦ ለመጋገር በየቀኑ ከሦስት ኩንታል ትንሽ በላይ ያስፈልጋል። ከዱቄት ፋብሪካው የተገዛበት ደረሰኝ ሲደመር ግን የሚያሳየው በወር 60 ኩንታል፣ በቀን ሁለት ኩንታል ነው። ስለዚህ ሽያጩ በቀን 2,600 ዳቦ፣ በወር 780,000 ብር ነው ማለት ነው። ወይዘሮዋ ዋሽተዋል አልልም፤ ለበዓል ሰሞን የሚጋግሩትን የዘወትር አድርገው ማሰባቸው የተለመደ ነው። የእኔ ሥራ የበዓሉን ከዘወትሩ መለየት ነው።

ወጪውን ደግሞ እናስላ። 60 ኩንታል ዱቄት በ8,000 ብር ሒሳብ 480,000 ብር ይሆናል። ለደመወዝ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለመብራትና ለማገዶ፣ ለእርሾና ለስኳር፣ ለግብር 170,000 ብር ይወጣል። ለቤተሰቡ መኖሪያ 50,000 ብር እንያዝ። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ማመልከቻ ላይ የሚጽፍ ሰው አይገኝም፤ ነገር ግን የልጆች ትምህርት ቤትና የቤት አስቤዛ የሚወጣው ከዚያው ካዝና ስለሆነ ካልቀነስነው ሒሳቡ ሐሰት ይሆናል። የሚተርፈው 80,000 ብር ነው። 44,000 ለመክፈል 80,000 ያለው ሰው ደህና ይመስላል።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ብድሩ በሙሉ ይጸድቅ ነበር። ቀጥሎ ግን ለዚህ ንግድ ዋናው አደጋ ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ለዳቦ ቤት አደጋው ዱቄት ነው። ዱቄት በአሥር በመቶ ቢጨምር በወር 48,000 ብር ተጨማሪ ወጪ ይመጣል፤ የዳቦ ዋጋ ደግሞ በዚያው ሳምንት አይጨመርም፤ ደንበኛ ይሸሻል፣ ጎረቤት ዳቦ ቤትም ሳይጨምር ይቆያል። ያኔ የሚተርፈው 32,000 ብር ብቻ ነው፤ 44,000ውን አይሞላም። ክፍያው ይጓተታል ማለት ነው። አዲሱ ምድጃ ምርት ይጨምራል የሚለው ተስፋ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምድጃው ተገዝቶ፣ ተተክሎ፣ ተጨማሪው ዳቦ ገዢ አግኝቶ ገንዘብ እስኪሆን ወራት ያልፋሉ፤ የብድሩ ክፍያ ግን ያን ሁሉ አይጠብቅም። ስለዚህ ክፍያውን የምለካው ዛሬ ባለው ገቢ ነው።

ብድሩን ወደ 1,000,000 ብር ዝቅ ብናደርገው ወርሃዊው ክፍያ 29,400 ብር አካባቢ ይሆናል፤ ዱቄት ቢወደድም 32,000ው ይሸፍነዋል። ማቡኪያውን በዚህ ዓመት ገዝተው፣ ትንሽ ምድጃ መርጠው፣ የቀረውን ከራሳቸው ትርፍ ቢያሟሉ ያዋጣቸዋል። ለኮሚቴ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቤቱ 1,500,000 ብር መሸከም ይችላል፤ ዳቦ ቤቱ ግን አይችልም። በመያዣው ልክ ያበደረ ባንክ ወይዘሮዋን የረዳቸው ይመስላል እንጂ ቤታቸውን ለሐራጅ እያዘጋጀ ነው።

ሐራጅ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ይህን ጥንቃቄ የተጋነነ ነው አይልም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ውል ካለው ፍርድ ቤት ሳይሄድ ለባለዕዳው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በወረቀት ላይ ፈጣን ነው። በተግባር ግን ማስጠንቀቂያው ከመድረሱ በፊት ልመናው፣ የሽማግሌው ምልጃ፣ የክፍያ ጊዜ ይራዘምልኝ ጥያቄው አለ። ጨረታው ሲወጣ የሰፈሩን ሰው ቤት በሐራጅ መግዛት የሚያስጠላው ብዙ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ተጫራችም ቤቱ ውስጥ ሰው እንደሚኖር ሲያይ ያፈገፍጋል። በመጀመሪያው ጨረታ ገዢ ካልተገኘ ሁለተኛ ይወጣል፤ በሁለተኛውም ካልተገኘ ባንኩ ራሱ ንብረቱን ሊረከብ ይገደዳል። በዚህ መካከል ወለዱ እያደገ ነው። ክፍያ ከ90 ቀን በላይ የዘገየ ብድር በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከተበላሸ ብድር ስለሚመደብ ባንኩ ከትርፉ ለኪሳራ መጠባበቂያ መያዝ ይጀምራል። 3,500,000 የተገመተ ቤት በዚያ ሁሉ መንገድ አልፎ ሲሸጥ የሚያወጣው ያንን አይደለም። ገማቹ መሐንዲስ የጻፈው ባለቤቱ ጊዜ ወስዶ፣ ገዢ መርጦ ሲሸጥ የሚገኘውን ዋጋ ነው።

ለዚህ ነው መያዣውን ስንመረምር ከዋጋው በፊት ንብረቱ የእውነት ሊሸጥ ይችላል ወይ የምንለው። ካርታው በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ካለው ማህደር ጋር ይመሳከራል፤ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ ደብዳቤ ይጠየቃል። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ፊርማቸውን ያኖራሉ፤ አንዱ ሳይፈርም የተያዘ ቤት ኋላ ላይ በክርክር ብቻ ዓመታት ይፈጃል። ወርሶ ለሚያስይዝ ሰው ደግሞ የወራሽነት ማስረጃው ላይ እህት ወንድም መኖራቸውን እናያለን። ከዚያ ውሉ ይመዘገባል፤ ያልተመዘገበ መያዣ ለሌላ አበዳሪ የሌለ ያህል ነው። የምገረምበት ነገር ቢኖር ብዙ ባለሙያ ግምቱን ሦስት ጊዜ ሲያጣራ የሚስትን ፊርማ ግን ለመጨረሻ ቀን መተዉ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ቤት ላለው ነው። ይህ ሥራ የሚያመኝ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር የገበሬውን መሬት ሸጦ ገንዘቡን የሚወስድ አበዳሪ የለም፤ በከተማም በኪራይ ቤት እየሠራ በደንብ የሚያተርፍ ሰው ካርታ የለውም። ስለዚህ ገንዘብ ወደ ጥሩ ነጋዴ ሳይሆን ወደ ባለቤት ይሄዳል፤ ሁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። አነስተኛ የብድርና ቁጠባ ተቋማት ለዓመታት የሠሩበት መንገድ የቡድን ዋስትና ነው፤ የሚተዋወቁ ሰዎች አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናሉ። ጥንካሬው ያለው አባላቱ እኔ የማላውቀውን ስለሚያውቁ ነው፤ ማን ይጠጣል፣ ማን ሳይነጋ ይነሳል፣ ማን የዕቁብ ዕጣው ከደረሰው በኋላ መጣሉን አቋርጧል። ድክመቱ ደግሞ ድርቅ ወይም የገበያ ውድቀት ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ቀን መምታቱ ነው፤ ዋሱም ባለዕዳውም አብረው ይወድቃሉ።

የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 በሩን ሰፋ አድርጎታል። ማሽን፣ ከብት፣ የመጋዘን ዕቃ፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብ ሳይቀር ተመዝግቦ መያዣ መሆን ይችላል። የዳቦ ቤቱ ምድጃም ራሱ መያዣ ይሆናል ማለት ነው። ግን ምድጃ ይሞቃል፣ ያረጃል፣ ሲነቀል ግማሽ ዋጋው ይጠፋል። እንዲህ ያለ መያዣ የሚጠቅመው ገቢውን በቅርብ ለሚከታተል፣ በየጊዜው ሄዶ ለሚያይ አበዳሪ ነው። ስለዚህ መያዣው ቀለል ባለ ቁጥር የመተማመን ሚዛኑ ይከብዳል።

ያንን ሚዛን የምንሠራው በመዝገብ ነው። በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ሰውየው ከዚህ በፊት ከየት ተበድሮ እንዴት እንደከፈለ ይታያል። የባንክ ሒሳቡ ላይ የማየው የገባውን ድምር አይደለም፤ ገንዘቡ ዘወትር መግባቱን፣ ማመልከቻው ሊቀርብ ሲል ብቻ ከዘመድ ተበድሮ የተሞላ አለመሆኑን ነው። ብድሩ ከመጠየቁ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ካለ ምንጩን እጠይቃለሁ። ለአቅራቢዎቹም እደውላለሁ፤ ዱቄት በዱቤ ወስዶ በቀኑ የሚከፍል ሰው ብድርም በቀኑ ይከፍላል። ዘግይቶ ቢከፍል እንኳ ቀድሞ ደውሎ የተናገረ ተበዳሪ ከማይደውለው ይሻለኛል፤ ስልክ የሚሸሽ ሰው ግን ከመዘግየቱ በላይ ያስፈራኛል።

ስለዚህ ለብድር ለሚዘጋጅ ሰው የምመክረው ከቤቱ ግምት በፊት ደረሰኝ መሰብሰብ እንዲጀምር ነው። ሽያጩን በየቀኑ በደብተር ይጻፍ፤ ገቢውን በአንድ የባንክ ሒሳብ ያሳልፍ፤ የሚፈራውን ዋጋ በአሥር በመቶ አሳድጎ ክፍያው ይቻል እንደሆነ ራሱ ያስላ። ያ ሒሳብ ከተሳካ ባንኩ መያዣውን ለማጣራት የሚወስድበት ጊዜ ያጥራል። ካልተሳካ ግን ቤቱ ምንም ያህል ቢገመት ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ማወቁ ለእሱም ለባንኩም ይበጃል።