ሁለቱ ዓምዶች

አንድ መድኃኒት ቤት በቀን በአማካይ 10 ፓኬት የእጅ ጓንት ይሸጣል፤ የታዘዘው ዕቃ በ6 ቀን ይደርሳል። ገበያው ሲደራ ሽያጩ 14፣ አቅራቢው ሲዘገይ ቀኑ 9 ይሆናል።

በክምችት መዝገቡ ላይ የመጠባበቂያ ክምችት ዓምድ ለዚህ ክፉ ቀን የቆመ ነው። 14 በ9 ሲባዛ 126፣ 10 በ6 ሲባዛ 60 ነው፤ ልዩነቱ 66 መጠባበቂያ ይሆናል። የማዘዣ ነጥብ ዓምድ 60ውንና 66ቱን ደምሮ 126 ያሳያል።

የማዘዣ ነጥቡ ውበት ከቀሪው ዕቃ ዓምድ ጎን መቀመጡ ላይ ነው። ቀሪው በመንገድ ላይ ካለው ትእዛዝ ጋር ተደምሮ ወደ 126 ሲወርድ ንብረት ክፍሉ ሳይከራከር ያዝዛል።

ዕቃው ያለቀባቸው ቀናት እንደ ዜሮ ሽያጭ ከተቆጠሩ ግን አማካዩ ይወርዳል፤ እጥረቱም ይደገማል። እነዚያ ቀናት ከስሌቱ ይውጡ።