የት ጠፋሽ?

የሻይ ቤት ደንበኛና አዲስ አስተናጋጅ በደረሰኝ ጀርባ የሚሽኮረመሙበትን አጭር ልብ ወለድ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ቃል በማሳመር ነው። ማስታወሻው ግጥም ይሆናል፤ ታሪኩም እዚያው ይሞታል። ከአራት ጣት በማይሰፋ ወረቀት ላይ፣ ትሪ ይዞ የቆመ ሰው የሚጽፈው አምስት ስድስት ቃል ነው። ስለዚህ የልባቸው መቀራረብ መታየት ያለበት በግሱ መጨረሻ ነው እላለሁ። አማርኛ የሚያናግሩትን ሰው እርስዎ ወይም አንቺ ብሎ ሳይመድብ ብዙ መሄድ አይችልም፤ የታሪኩ ጉልበትም ያለው በዚያ ምርጫ ላይ ነው።

ደንበኛዋ መጀመሪያ፣ «ሻዩ ቅመም በዝቶበታል፤ ወይስ እጅ ተቀይሯል?» ብላ ትጻፍ። «ተቀይሯል» ማንንም አይጠራም፤ ሳትቀርበው ነካችው። እሱ፣ «እጁ አዲስ ነው። ቅመሙ ይቀነስልዎ?» ይላል። እሷ፣ «አይቀነስ፤ ለምጄዋለሁ።» እሱ በማግስቱ፣ «ነገም ይመጣሉ?» ይህን ሁሉ ካሸሯ ጮክ ብላ ብታነበው አያሳፍርም፤ መፈተኛውም ይኸው ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ትቀራለች። በሦስተኛው ቀን ከሒሳቡ ጋር የሚመጣው ደረሰኝ፣ «ሁለት ቀን የት ጠፋሽ?» ይላል። «የት ጠፉ» ቢል አስተናጋጅ ነበር፤ «ሽ» ስትገባ ግን የሚጠብቅ ሰው ሆነ። አንዳንዱ ደራሲ «ጠፉ» አስብሎ ያሰርዘውና «ጠፋሽ» ያስጽፈዋል። እኔ አልስማማም፤ ስርዙ አንባቢ ራሱ የሚያገኘውን ነገር ቀድሞ ይነግርበታል። ይልቅ አንቱታው አስቀድሞ ቢያንስ ሁለቴ ይደጋገም፤ ጆሮ ያልለመደው ነገር ሲለወጥ አይሰማውም።

የዛሬ ወጣት አንቱታ ትቷል፣ ለውጡ ማንንም አያስደነግጥም የሚል ይኖራል። በመንገድ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። አዲስ አስተናጋጅ ግን ሥራው ገና አልጸናም፤ ደረሰኙም በካሸሯ እጅ ያልፋል። አንቱታ ለእሱ ከጨዋነት በላይ መከለያ ነው፤ ሲጥለው የሚያጣው እንጀራውን ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በደንበኛ ፊት የቆመ ሠራተኛ እምቢ ለማለት ነፃ አይደለም፤ ታዲያ መሽኮርመሙ ግዴታ አይሆንም? ይሆናል፣ ደራሲው ካልተጠነቀቀ። ለዚህ ነው የእሷ የመጀመሪያ ማስታወሻ ስለ ሻይ ብቻ ነው ተብሎ ሊመለስ የሚችል መሆን ያለበት፤ «እሺ፣ ይቀነሳል» ብሎ ቢያልፍ ምንም አይጎድልበትም። የመጀመሪያው ደፋር ቃልም የሚወጣው እሷ በሌለችበት ሁለት ቀን ካሰበ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደው ነው።

የእሷ መልስ ደግሞ እስካሁን የሸሸችውን መጠሪያ ይይዛል። የቀረችው ታማ ነው ወይስ ሆን ብላ፣ አናውቅም። ወረቀቱን ገልብጣ፣ «ቀን ትቆጥራለህ እንዴ?» ትላለች። ከዚህ በኋላ ቀጠሮም፣ እጅ ለእጅ መያያዝም አያስፈልግም፤ ታሪኩ እዚህ ይቁም።