ሁለት ገጽ ላይ ያረፈ ሌክቸር

በሁለት ገጽ የእጅ ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ኅዳጉ ነው። ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን በእርሳስ የተጻፈ ሰዓት አለ፤ ነገሩ በቪዲዮው ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደተባለ ያመለክታል። ሰዓቶቹ ግን ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ ቅደም ተከተል የላቸውም። ከመጨረሻው ሩብ የተወሰደ ነገር ከመጀመሪያው አጠገብ ተቀምጧል፤ መሃል ላይ የተባለው ወርዶ ገጹ ግርጌ ላይ አርፏል። ይህን ሳይ የጻፈችው ልጅ ቪዲዮውን እያስኬደች አብራ እንዳልገለበጠች ገባኝ። መጀመሪያ አድምጣ ጨርሳለች፤ እስክሪብቶ ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው።

ጸሐፊዋ የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ናት። የተቀዳው ትምህርት ፕሮፌሰር ጊልበርት ስትራንግ ኤም አይ ቲ ውስጥ ያስተማሩት የሊኒየር አልጀብራ ኮርስ፣ 18.06፣ ሁለተኛው ሌክቸር ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የተቀረጸ ሲሆን ዩኒቨርሲቲው በኦፕን ኮርስዌር አማካይነት ለማንም በነጻ ከፍቶታል። ሃምሳ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ርእሱ በማትሪክስ የሚሠራ ኢሊሚኔሽን ነው። ስትራንግ በቪዲዮው ጠመኔ ይዘው ጥቁር ሰሌዳ ላይ እያሰቡ ያስተምራሉ፤ አንድ ነገር ጀምረው ይተዉታል፣ ቆይተው ይመለሱበታል። ለሚያዳምጣቸው ይህ ደስ ይላል፤ ማስታወሻ ለሚይዝ ግን ፈተና ነው።

ትምህርቱ በሙሉ የቆመው በአንድ ምሳሌ ላይ ነው፤ እሷም ገጹን የጀመረችው በሱ ነው።

```
 x + 2y + z = 2
3x + 8y + z = 12
     4y + z = 2
```

ስትራንግ ሰሌዳው ላይ በመጀመሪያ የሚሠሩት የግራውን ጎን ብቻ ነው። የቀኙን ቁጥሮች፣ 2፣ 12 እና 2ን፣ ለጊዜው ትተው ማትሪክሱን እስከ መጨረሻ ካጸዱ በኋላ ይመለሱባቸዋል። ለማስተማር ጥሩ ስልት ነው፤ የተማሪው ዓይን አንድ ነገር ላይ ብቻ እንዲያርፍ ያደርጋል። በወረቀት ላይ እንዳለ ቢገለበጥ ግን አንዱ ስሌት ሁለት ቦታ ተበጥሶ ይቀራል። እሷ ሁለቱን ገጥማ የቀኙን ዓምድ ከመጀመሪያው አንስታ አብራ ወስዳዋለች፤ ኅዳጉ ላይ ደግሞ ከአንድ መስመር ጎን ሁለት ሰዓት ጻፈች። ቪዲዮውን መልሶ ማየት የፈለገ ሰው ሁለቱንም ቦታ ያገኛል።

```
1  2  1 |  2      1  2  1 |  2      1  2  1 |   2
3  8  1 | 12  →   0  2 -2 |  6  →   0  2 -2 |   6
0  4  1 |  2      0  4  1 |  2      0  0  5 | -10
```

በሁለቱ ቀስቶች ላይ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ፤ በመጀመሪያው ላይ 3፣ በሁለተኛው ላይ 2። ብዙ ማስታወሻ የሚበላሸው እነዚህ ሲቀሩ ነው። ሦስቱን ማትሪክሶች አሳምሮ የገለበጠ ተማሪ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያነባቸው 8 እንዴት 2 እንደሆነ ይጠፋበታል። ከሁለተኛው ረድፍ ላይ የመጀመሪያውን 3 ጊዜ ቀነስን፤ ከሦስተኛው ላይ ደግሞ አዲሱን ሁለተኛ 2 ጊዜ ቀነስን። «አዲሱን» የሚለው ቃል ሥር ራሷ አስምራበታለች። ትክክል ናት፤ የድሮውን ሁለተኛ ረድፍ የሚቀንስ ተማሪ በሦስተኛው ረድፍ መጀመሪያ ላይ ያለውን ዜሮ ያበላሸዋል። ከታች ወደ ላይ ሲሠራ 5z = -10 ስለሆነ z = -2፣ ቀጥሎ y = 1፣ ከዚያ x = 2 ይወጣል። መልሱን በመጀመሪያው እኩልዮሽ ሳይሆን በሁለተኛው ፈትሻዋለች፤ 6 + 8 - 2 = 12። የመጀመሪያው እኩልዮሽ x ለማውጣት ያገለገለ ስለሆነ በሱ መፈተሽ ቀድሞ የተፈጠረን ስሕተት አያጋልጥም።

ከሁሉ በላይ ያደነቅኩት ግን ትርጉም የሰጠችበትን መንገድ ነው። በዚህ ሌክቸር ውስጥ ዋናው ቃል ፒቮት ነው። ስትራንግ ሰሌዳው ላይ ቁጥሩን እያሳዩ ነው ቃሉን የሚያስተዋውቁት፤ አድማጭም ጣታቸው ያረፈበትን አይቶ ይረዳል። ጣት ግን ወደ ወረቀት አይገለበጥም። ሰያፉ ላይ ያለውን ቁጥር እያሳዩ ስለሆነ «ፒቮት ማለት በሰያፉ ላይ ያለ ቁጥር ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ይበዛል። በዚህ አባባል ከተሄደ የምሳሌያችን ፒቮቶች 1፣ 8 እና 1 ሊሆኑ ነው። ትክክለኞቹ 1፣ 2 እና 5 ናቸው። የልጅቷ ትርጉም እንዲህ ይላል፦ ፒቮት ማለት ከሱ በላይ ያሉት ረድፎች ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ አንድ ረድፍ ከሱ በታች ያለውን ለማጥፋት የሚጠቀምበት የመጀመሪያ ቁጥር ነው፤ ዜሮ ሊሆን አይችልም። ከሥሩ 1፣ 8፣ 1 ብላ ጽፋ ሰርዛዋለች፤ አጠገቡ 1፣ 2፣ 5።

ይህ አጭር ስርዝ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ትርጉሙ መቼ እንደሚሳሳት ያሳያል፤ አንባቢው የተሳሳተውን ሐሳብ ራሱ ውስጥ ካገኘው እዚያው ያርመዋል። ትርጉሙ የተቀመጠውም ገጹ አናት ላይ፣ ከምሳሌው በፊት አይደለም። ሁለተኛው ማትሪክስ ጎን፣ 8 ወደ 2 በተለወጠበት ቦታ ነው። እኔም ክፍል ውስጥ ትርጉም ቀድሞ መምጣት አለበት እል ነበር፤ ለዚህ ቃል ግን የሷ ቦታ ይሻላል፤ ምክንያቱም የትርጉሙ ፍሬ ነገር ቁጥሩ መለወጡ ነው።

ወደ ፈተና ነጥቦቹ ልምጣ። እዚህ ላይ አብዛኛው የተማሪ ማስታወሻ ይዳከማል፤ ሁሉም ነገር በኮከብ ይሞላና ኮከቡ ዋጋ ያጣል። እሷ የመረጠችው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ የተገኙት አስተማሪው ቁጥር ከቀየሩበት ቦታ ነው። ስትራንግ ማትሪክሱን አጽድተው ሲጨርሱ «መቼ ነው ይህ ዘዴ የሚከሽፈው?» ወደሚለው ይገባሉ፤ ያንኑ ማትሪክስ ይዘው አንድ ቁጥር ብቻ ይለውጣሉ። አስተማሪ ምሳሌውን ሳይለቅ ቁጥር ሲቀይር ጥያቄ እያወጣ ነው። ጥሩ ጆሮ ያለው ተማሪ ይህን ይሰማል።

የመጀመሪያው፦ 8 የነበረው 6 ቢሆንስ? 3 ጊዜ ሲቀነስ ሁለተኛው ፒቮት ቦታ ላይ ዜሮ ይመጣል። ከሥሩ ግን 4 አለ፤ ሁለቱን ረድፎች ማለዋወጥ ነው፤ ሥራው ይቀጥላል። አዲሶቹ ፒቮቶች 1፣ 4 እና -2 እንደሆኑ ሠርታ አሳይታለች። ሁለተኛው፦ መጨረሻው ጥግ ላይ ያለው 1 ወደ -4 ቢለወጥስ? ሦስተኛው ፒቮት ቦታ ላይ ዜሮ ይመጣል፤ ከሥሩ የሚለዋወጥ ረድፍ የለም። ዘዴው ቆመ። ሁለቱ ዜሮዎች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን፣ አንዱ ጊዜያዊ ሌላው የመጨረሻ መሆኑን፣ ጎን ለጎን አድርጋ ስላስቀመጠቻቸው ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ከዚህ ቀጥሎ በእርሳስ ሳጥን የተከበበ ጥቂት መስመር አለ፤ ጥጉ ላይ «የእኔ» ይላል። በቪዲዮው ውስጥ የሌለ ስለሆነ ሰዓት አልተጻፈበትም። ዘዴው ከቆመ መልሱ ምን ይሆናል ብላ ጠይቃ የቀኙን ዓምድ ተመልክታለች። በመጀመሪያው የቀኝ ዓምድ ከሄድን የመጨረሻው ረድፍ 0 = -10 ይላል፤ መፍትሔ የለም። የመጨረሻው እኩልዮሽ በስተቀኝ 2 መሆኑ ቀርቶ 12 ቢሆን ግን 12 - 2 × 6 = 0 ስለሚሆን ረድፉ 0 = 0 ይላል፤ መፍትሔው ስፍር ቁጥር የለውም። አንድ ማትሪክስ፣ ሁለት የተለያየ ዕጣ። 12ን በዘፈቀደ አላገኘችውም፤ ወደ ኋላ ሄዳ የትኛው ቁጥር ዜሮ እንደሚሰጥ አስልታለች። የራሷን ከአስተማሪው ለይታ ማስቀመጧም ይገባል፤ ስሕተት ቢኖር የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ሦስተኛው ነጥብ የኢሊሚኔሽን ማትሪክሶቹ ናቸው። ረድፍ መቀነስ በራሱ በማትሪክስ ማባዛት መሆኑን ስትራንግ በሌክቸሩ ሁለተኛ አጋማሽ ያሳያሉ፤ ጊዜ ወስደው፣ ማትሪክስ በዓምድ ሲባዛ የዓምዶች ጥምር፣ ረድፍ በማትሪክስ ሲባዛ የረድፎች ጥምር እንደሚሰጥ ደጋግመው እያነሱ። እሷ ይህን ሁሉ ወደ አንድ መስመር ሰብስባዋለች፦

```
E32 (E21 A) = U
```

ከሥሩ አጭር ማስጠንቀቂያ፦ ቅንፉን ማንሳት ይቻላል፣ ቅደም ተከተሉን መቀየር አይቻልም። መጀመሪያ የተሠራው ሥራ በስተቀኝ፣ A አጠገብ ነው የሚጻፈው። E21 ውስጥ -3 በሁለተኛው ረድፍ በመጀመሪያው ዓምድ ላይ፣ E32 ውስጥ -2 በሦስተኛው ረድፍ በሁለተኛው ዓምድ ላይ መቀመጣቸውን ከላይ ቀስቶቹ ላይ ካሉት 3 እና 2 ጋር በመስመር አገናኝታቸዋለች። ምልክቱ የሚለወጠው ለምንድን ነው ብሎ የሚደናገር ሰው መስመሩን ተከትሎ ሲሄድ «ቀነስን» የሚለው ላይ ይደርሳል።

የፈተና ነጥቦቹ የተጻፉበት ሣጥን ራስጌ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። ሦስቱን ነጥቦች በሁለት ምልክት ለይታቸዋለች፤ «ቪ» ስትራንግ ያጎሉት ነው፣ «አ» ደግሞ በራሷ ዩኒቨርሲቲ የኮርስ አውትላይን ላይ ያለ ነው። ፈተናውን የሚያወጡት ስትራንግ አይደሉም። የሌላ አገር አስተማሪ ያተኮሩበት ነገር እዚህ ያሉት መምህር ያተኩሩበታል ማለት አይደለም፤ የተቀዳ ሌክቸር የሚያጠና ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ረድፍ ማለዋወጡና መክሸፉ ሁለቱንም ምልክት ይዘዋል። የማትሪክስ ማባዛቱ «ቪ» ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱ መጨረሻ ተቀምጧል።

አንድ ቦታ ላይ ከሷ ጋር አልስማማም። ስትራንግ መጨረሻው አካባቢ ረድፍ የሚያለዋውጡ ማትሪክሶችንና ኢንቨርስን ያነሳሉ፤ እሷ ለሁለቱ የሰጠቻቸው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ኢንቨርሱን መተዋ ይገባኛል፤ ጎኑ ላይ «ሌክቸር 3» ብላለች፣ እውነትም የሚቀጥለው ሌክቸር ስለ ኢንቨርስ ነው። ረድፍ ማለዋወጡ ግን እዚሁ ይፈለግ ነበር። 8ን ወደ 6 በቀየረችበት ምሳሌ ረድፎቹን በእጅ ካለዋወጠች በኋላ ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ማትሪክስ አጠገቡ ብትጽፈው፣ ሦስት ረድፍ ብቻ ነበር የሚፈጅባት፦

```
1 0 0
0 0 1
0 1 0
```

በስተግራ ሲባዛ ረድፍ፣ በስተቀኝ ሲባዛ ዓምድ ያለዋውጣል። ከምሳሌው በስተቀኝ ለዚህ የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ።