ቮልቴጁን ሳታዩ ኢንተግራሉን አትክሰሱ

በሞተር ላብ ገና የጀመረ ተማሪ ኦቨርሹት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «Ki አብዝቼ ይሆን?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከፍጥነቱ ግራፍ ጎን የቮልቴጁ ግራፍ ካልተሳለ ፍርድ መስጠት አይቻልም ባይ ነኝ። በአንድ ቮልት በደቂቃ 100 ዙር የሚሄድ፣ የጊዜ ቋሚው 0.5 ሰከንድ የሆነ፣ ከ12 ቮልት በላይ የማያገኝ ትንሽ ሞተር እንውሰድና 1,000 ዙር እንዘዘው። በፕሮፖርሽናል ብቻ፣ Kp 0.04 ሲሆን፣ ፍጥነቱ 800 ላይ ይረጋል። ለ800 ዙር 8 ቮልት ያስፈልጋል፤ ያንን 8 ቮልት የሚያመነጨውም የቀረው የ200 ዙር ስህተት ራሱ ነው። Kp ወደ 0.09 ቢያድግ ስህተቱ ወደ 100 ይወርዳል እንጂ አይጠፋም። እስኪጠፋ እንጨምር ቢባል ደግሞ በመለኪያው መዘግየት የተነሳ ሞተሩ መዋዠቅ ይጀምራል።

ጎደሎውን በቋሚ ተጨማሪ ቮልቴጅ መሙላት ይበቃል የሚሉ አሉ። በጎንደር ብርድ የተስተካከለውን ያንኑ ሞተር ከነጭነቱ ወደ መተማ ቆላ ብናወርደው ግን ሒሳቡ ይፈርሳል። የመዳብ ሬዚስታንስ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ሽቦው በ20 ዲግሪ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ በ8 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ጭነት የያዘው ሞተርም ይበልጥ ይዘገያል። ኢንተግራል ስህተት እስካለ መደመሩን ስለማያቆም አዲሱን ቮልቴጅ ራሱ ያገኘዋል።

ታዲያ ኦቨርሹቱ ከየት መጣ? Kp 0.04፣ Ki 0.08 ብናደርግ፣ የቮልቴጅ ጣሪያ በሌለበት ስሌት ፍጥነቱ 1,000ን ሳያልፍ ይደርሳል። እውነተኛው ሞተር ግን ሲነሳ 40 ቮልት ይጠየቃል፤ የሚያገኘው 12 ብቻ ነው። 1,000 ለመድረስ 0.9 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኢንተግራሉ ወደ 26 ቮልት ያከማቻል፤ የሚያስፈልገው ግን 10 ነው። ትርፉ እስኪራገፍ ቮልቴጁ ከ12 አይወርድም፣ ፍጥነቱም ወደ 1,160 ይዘልቃል። Ki ቢቀነስ ኦቨርሹቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቀሪው ስህተት ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው። ትክክለኛው መድኃኒት ቮልቴጁ ጣሪያ በነካ ጊዜ ድምሩን ማቆም ነው።

ዴሪቬቲቭ ለቀሪው ስህተት ምንም አያደርግም፤ የረጋ ስህተት ለውጥ የለውምና። ቦታው የሞተሩን ማዕዘን በምናዝበት ሙከራ ነው፤ እዚያ ኦቨርሹትን በእርግጥ ይገታል። በፍጥነት ሙከራ ላይ ግን ባለ 20 ቀዳዳ ዲስክ በየ0.1 ሰከንዱ ሲቆጠር የአንድ ቀዳዳ ልዩነት 30 ዙር ነው። Kd 0.01 ብቻ ቢሆን እንኳ ያ ልዩነት ቮልቴጁን በ3 ቮልት ያስዘልለዋል። የሞተሩ መንቀጥቀጥ ከዚህ ነው።

ስለዚህ የላብ ሪፖርት የምታርሙ መምህራን፣ የቮልቴጅ ግራፍ የሌለውን መልሱት።