ሰነዱ ዝም ያለበት ቦታ

አንድን ማጠቃለያ አንብበው «እንዴት ቁልጭ አድርጎ አስቀመጠው!» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቁት የጸሐፊውን አማርኛ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፣ ድምዳሜው ቁርጥ ያለ ነው፣ ግራ የሚያጋባ ነገር የለም። ከዋናው ሰነድ ጋር ግን ማንም አላስተያየውም። በየመሥሪያ ቤቱና በየዝግጅት ክፍሉ ለጀማሪዎች እንደ አርአያ የሚሰጡ ማጠቃለያዎች እንዲህ ያሉ መሆናቸው ያናድዳል፤ ምክንያቱም ከባድ ሰነድ ቁልጭ ብሎ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሰነዱ ያላለው ነገር ስለተጨመረበት ነው። ስምና ቀን በትክክል መጻፍን፣ ቁጥርን አለማዛባትን አላነሣም፤ ይህን ያልቻለ ሰው ገና ለሥራው አልደረሰም። የማጠቃለያን ጥራት የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ ጸሐፊው ሰነዱ ዝም ባለበት ቦታ ላይ ምን አደረገ?

ለዚህ መመዘኛ መጋቢት 2007 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2015) ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን በካርቱም የፈረሙት የሕዳሴ ግድብ የመርሆዎች መግለጫ የሚስማማ ነው። ሰነዱ አጭር ነው፣ አሥር መርሆዎች ብቻ አሉት፣ ማንም ሰው በአንድ ቁጭታ ያነብበዋል። እንዲህም ሆኖ ስለ አምስተኛው መርሆ ሁለት ተቃራኒ ማጠቃለያዎች ለዓመታት ሲነገሩ ቆይተዋል። አንዱ «ስምምነቱ ኢትዮጵያ ግድቡን እየገነባች ውሃ እንድትሞላ ፈቅዷል» ይላል። ሌላው «ስምምነቱ ያለ ሦስቱ አገሮች መግባባት ሙሌት እንዳይጀመር ከልክሏል» ይላል። የመጀመሪያው ሙሌት በ2020 እ.ኤ.አ. ሲከናወን ክርክሩ እስከ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ደረሰ፤ ሁለቱም ወገኖች የተደገፉት በዚሁ ሰነድ ነበር።

መርሆው ራሱ የሚለው እንዲህ ነው። አገሮቹ የዓለም አቀፉ የባለሙያዎች ፓነል ምክረ ሐሳብ እንዲፈጸም ይስማማሉ። በፓነሉ ምክር መሠረት የሚካሄዱትን የጋራ ጥናቶች የመጨረሻ ውጤት ተጠቅመው፣ ከግንባታው ጎን ለጎን፣ በመጀመሪያው ሙሌት መመሪያዎችና ደንቦች ላይ ይስማማሉ። ስለ ዓመታዊው የግድቡ አሠራርም እንዲሁ ይስማማሉ፤ ይህን የግድቡ ባለቤት በየጊዜው ሊያስተካክለው ይችላል። ለሥራው የተሰጠው ጊዜ ሁለቱ ጥናቶች መዘጋጀት ከጀመሩበት አንሥቶ 15 ወር ነው። «ፈቅዷል» የሚል ቃል የለበትም፣ «ከልክሏል» የሚልም የለበትም። አገሮቹ ሳይስማሙ ግንባታው ቢያልቅ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ መርሆው መልስ አይሰጥም። እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ሁለቱ ማጠቃለያዎች የተጻፉት በዚህ ዝምታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ «ከግንባታው ጎን ለጎን» የሚለውን ሐረግ ይዞ፣ ሙሌቱ የግንባታው አካል ስለሆነ ግንባታው ከቀጠለ ሙሌቱም ይቀጥላል ብሎ አሰበ። ሁለተኛው «ይስማማሉ» የሚለውን ግሥ ይዞ፣ ስምምነት ግዴታ ከሆነ ያለ ስምምነት መሙላት ግዴታን መጣስ ነው ብሎ አሰበ። ሁለቱም አስተሳሰቦች መሠረት አላቸው፤ ጠበቃ ሁለቱንም ይዞ ችሎት ፊት ሊቆም ይችላል። ጥፋቱ ድምዳሜ ላይ መድረሳቸው አይደለም። ጥፋቱ የራሳቸውን ድምዳሜ በሰነዱ አፍ ማናገራቸው ነው። አንባቢው «ስምምነቱ ፈቅዷል» የሚለውን ሲያነብ ሦስት ፈራሚ መንግሥታት ያሉትን የሰማ ይመስለዋል፤ የሰማው ግን የአንድ ጸሐፊን ሐሳብ ነው። መቃወም ቢፈልግ እንኳ ከማን ጋር እንደሚከራከር አያውቅም።

ይህን ጉድለት ለመለየት ማጠቃለያውን ከዳር እስከ ዳር ይዞ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ «ይህ የተጻፈው የትኛው መርሆ ውስጥ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመርሆውን ቁጥር ሊያስቀምጡበት የማይችሉት ዓረፍተ ነገር የሰነዱ አይደለም። ቁጥር ያለውም ቢሆን ይጣራ፤ ግሡ ከምንጩ በላይ ከበረታ ግማሹ የጸሐፊው ነው። ከዚያ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን የተቃራኒው ወገን ሰው አንብቦት «አዎ፣ እንዲህ ተጽፏል፤ ትርጉሙ ላይ ግን አልስማማም» ሊል ይችላል ወይ ብሎ መፈተን ነው። ከላይ ያስቀመጥኩትን የመርሆ አምስት አገላለጽ የካይሮም የአዲስ አበባም ተከራካሪ ሊቀበለው ይችላል። «ፈቅዷል» እና «ከልክሏል» ግን እያንዳንዳቸው ግማሹን ተከራካሪ በር ላይ ያስቀሩታል። ለዚህ ነው እነዚህን ሁለት ግሦች አጥብቄ የምጠረጥራቸው፤ አንቀጽ ሳይጠቀስላቸው በማጠቃለያ ውስጥ ሲገቡ ብዙ ጊዜ የሚሸፍኑት ዝምታን ነው። «በመሆኑም» የሚለው ቃልም እንዲሁ። ሰነዱ ራሱ «በመሆኑም» ካላለ ከዚያ ቃል በኋላ ያለው ሁሉ የጸሐፊው ነው።

ዝምታን ማናገር በመጨመር ብቻ አይደለም፤ በመቁረጥም ይደረጋል። መርሆ ሦስት ስለ ጉልህ ጉዳት ነው። አገሮቹ ጉልህ ጉዳት እንዳይደርስ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ ይወስዳሉ፤ ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ጉዳት ያደረሰው አገር፣ በአጠቃቀሙ ላይ ስምምነት ከሌለ፣ ከተጎዳው ጋር እየተመካከረ ጉዳቱን ለማስወገድ ወይም ለመቀነስ ይሠራል፤ ተገቢ ሆኖ ሲገኝም የካሣን ጥያቄ ይወያዩበታል። ይህን «ጉዳት ያደረሰ አገር ካሣ ይከፍላል» ብሎ የጠቀለለ ሰው አንድም ቃል የፈጠረ አይመስለውም። ነገር ግን «ስምምነት ከሌለ»፣ «ተገቢ ሲሆን» እና «ይወያዩበታል» የሚሉትን ሦስት ልጓሞች ፈትቷል፤ ሲፈታቸው ውይይት ክፍያ ሆነ። መርሆ አሥርም እንዲሁ ነው። አለመግባባት በምክክር ወይም በድርድር ካልተፈታ አገሮቹ በጋራ እርቅ ወይም ሽምግልና ሊጠይቁ ወይም ጉዳዩን ወደ መሪዎቻቸው ሊመሩ ይችላሉ። «በጋራ» የምትለዋ ቃል ከወደቀች አንድ አገር ብቻውን ሌሎቹን ወደ አሸማጋይ መጎተት የሚችል ይመስላል። የጊዜውም ነገር ያው ነው፤ 15 ወሩ የሚቆጠረው ጥናቶቹ መዘጋጀት ከጀመሩበት ጊዜ ነው እንጂ ከፊርማው ቀን አይደለም። የአጥኚ ድርጅቶቹ ውል የተፈረመው በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. ስለነበር፣ «በተፈራረሙ በ15 ወር ውስጥ» ብሎ ያሳጠረ ጸሐፊ ቀነ ገደቡ ጥናቱ ሳይጀመር አልፏል የሚል ክስ ሳያስበው ጽፏል።

የመጻሕፍት መምህራን ይህን ጥንቃቄ በሥርዓት አስቀምጠውታል። በአንድምታ ትምህርት መጀመሪያ የግዕዙ ንባብ ይሰማል፤ ቀጥሎ የንባቡ ትርጉም ይመጣል፤ ሐተታው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ፍች ሲኖር «አንድም» ተብሎ ይለያል። ተማሪው የቱ የመጽሐፉ ቃል፣ የቱ የመምህራን ፍች እንደሆነ ሳያምታታ እንዲይዝ የተደረገ ነው። በጎንደር ጉባኤ ያደጉት ሊቃውንት ለትርጓሜ ንፉግ አልነበሩም፤ በአንድ ኃይለ ቃል ላይ ብዙ አንድምታ ይደረድራሉ። ግን ንባቡን ከፍቹ ጋር አያዋሕዱትም። የዛሬ ማጠቃለያ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ንባቡን ሳያሰማ አንድ አንድምታ ብቻ ይመርጥና እርሱን ንባብ አድርጎ ያቀርባል።

«ይህ ሁሉ ልየታ ማጠቃለያውን ያስረዝመዋል፤ አለቃዬ የሚፈልገው ግማሽ ገጽ ነው» የሚል አለ። መርሆ አምስትን በሦስት ዓረፍተ ነገር መጨረስ ይቻላል፦ «መርሆ 5 ሦስቱ አገሮች የጋራ ጥናቶችን ውጤት ተጠቅመው ከግንባታው ጎን ለጎን በመጀመሪያው ሙሌት ደንቦች ላይ እንደሚስማሙ ይደነግጋል፤ ባይስማሙ ሙሌቱ ይጀመር ወይስ ይቁም ስለሚለው ግን የሚለው ነገር የለም። ኢትዮጵያ ሐረጉን ሙሌትና ግንባታ አብረው እንደሚሄዱ አድርጋ ትረዳዋለች፤ ግብፅ ስምምነት ቅድመ ሁኔታ ነው ትላለች። የማጠቃለያው ጸሐፊ አስተያየት፦ ሰነዱ የማገድ ሥልጣን ለማንም በግልጽ ስላልሰጠ የኢትዮጵያ አረዳድ ይበልጥ ያስኬዳል።» ከ«ፈቅዷል» የረዘመው በጥቂት መስመር ነው። አለቃው ግን አሁን የሰነዱን ቃል፣ የተከራካሪዎቹን ድምዳሜና የሠራተኛውን ሐሳብ ለየብቻ ይዟል፤ በሦስተኛው ባይስማማ እንኳ ሁለቱ ይጠቅሙታል። ከግብፅ ተደራዳሪ ፊት ሲቀመጥ ደግሞ «የት ተጽፏል?» ተብሎ ቢጠየቅ አያፍርም። አስተያየቱ የእኔም ነው፤ ቦታው ግን መጨረሻው ላይ፣ በስሙ ነው።

ከዚህ የጠነከረው ተቃውሞ፣ የትኛውን መርሆ መጥቀስና የትኛውን መተው ራሱ አስተያየት ስለሆነ ንጹሕ የሰነድ ቃል የሚባል የለም የሚለው ነው። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ከአሥሩ መርሆዎች መርሆ ሦስትን ብቻ አጉልቶ፣ ስለ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም የሚናገረውን መርሆ አራትን የዘለለ ሰው ምንም ሐሰት ሳይጽፍ ሰነዱን አጣሟል። ከዚህ የሚከተለው ግን ልየታው ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ምርጫውም መታወጅ አለበት ማለት ነው። «ይህ ማጠቃለያ የሚመለከተው ሙሌትን ብቻ ነው፤ መርሆ 3፣ 5 እና 10 ተወስደዋል» የሚል አንድ መስመር መግቢያ ላይ ካለ፣ አንባቢው ምን እንዳልተነገረው ያውቃል፣ ከፈለገ ይሄድበታል። ሳይታወጅ የተደረገ ምርጫን ለመያዝ ደግሞ የተተወውን ማየት ነው። የተተዉት ሁሉ አንድን ወገን የሚረዱ ከሆኑ መራጩ ጸሐፊ አልነበረም፤ ጠበቃ ነበር።

በመጨረሻም፣ ሰነዱ ምንም ስለማይልበት ነገር ማጠቃለያው እንዴት ይናገር የሚለው አለ። የ2015ቱ መግለጫ የ1929ኙንም ሆነ የ1959ኙን የአባይ ውሎች አይጠቅስም፤ ለየአገሩ የሚደርስ የውሃ መጠንም አያስቀምጥም። ከዚህ ተነሥቶ «የቅኝ ግዛት ውሎች ተሽረዋል» የሚል አለ፤ «ነባር መብቶች እንደ ተጠበቁ ናቸው» የሚልም አለ። አለመጥቀስ መሻር አይደለም፤ ማጽደቅም አይደለም። ታማኝ ማጠቃለያ እዚህ ላይ «ሰነዱ ቀደምት ውሎችን አያነሣም» ብሎ ይቆማል። ይህች ዓረፍተ ነገር ባዶ ትመስላለች፤ ጀማሪዎችም ሥራ ያልሠሩ እየመሰላቸው ይሰርዟታል። አርታዒ ሆኖ የተመደበ ሰው ግን ከረቂቁ መጀመሪያ የሚፈልገው እርሷን ነው፤ ጸሐፊው ሰነዱን እስከ መጨረሻው አንብቦ የሌለውን ፈልጎ እንዳጣው የምትመሰክረው እርሷ ብቻ ናት።