ቪዋፕ ከየት ይጀምራል?

«ጋሼ፣ የእርስዎ ስክሪን ላይ ቪዋፑ 50.43 ይላል፤ የእኔ ስልክ ላይ 49.70 ነው። አክሲዮኑ ያው፣ ደቂቃው ያው። የትኛው ነው ትክክል?» ብሎ የጠየቀኝ በቅርቡ የአሜሪካን አክሲዮን በቀን ውስጥ መግዛትና መሸጥ የጀመረ የወዳጄ ልጅ ነው። ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ሰው ይህን መስመር ለዓመታት ሲያይ ኖሮ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። 73 ሳንቲም ደግሞ በዚህ ሥራ ትንሽ ነገር አይደለም። ዋጋው ወደ 50 ዶላር ቢመለስ እሱ ከመስመሩ በላይ ነው ብሎ ይገዛል፣ እኔ ከመስመሩ በታች ነው ብዬ እጄን እሰበስባለሁ።

ቪዋፕ በግብይት መጠን የተመዘነ አማካይ ዋጋ ነው። ሂሳቡ ይህችው ናት፦

```
VWAP = Σ(P × V) / ΣV
```

እያንዳንዱን ግብይት ዋጋውን በአክሲዮኑ ብዛት ታበዛለህ፣ ሁሉንም ትደምራለህ፣ ከዚያ ለጠቅላላው የአክሲዮን ብዛት ታካፍላለህ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎችን «በስንት ገዛችሁ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው፤ ኩንታል የገዛው የነገረን ዋጋ ኪሎ ከገዛው ይልቅ ይመዝናል። ቻርት የሚሠሩ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ እያንዳንዱን ግብይት አይቆጥሩም። የእያንዳንዱን ካንድል ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና መዝጊያ ዋጋ ደምረው ለሦስት ያካፍሉና በዚያ ካንድል ቮልዩም ያበዙታል።

ለልጁ በወረቀት ላይ ሠራሁለት። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቼአቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አማካይ 50.20 ነው፤ 400,000 አክሲዮን ተገበያይቷል። ሁለተኛዎቹ አምስት ደቂቃዎች 50.60፣ 200,000። ሦስተኛዎቹ 51.00፣ 100,000። ብዜቶቹ ሲደመሩ 35,300,000 ዶላር ይመጣሉ፤ ለ700,000 ሲካፈል 50.43። ሦስቱን ዋጋዎች ብቻ ደምሮ ለሦስት ያካፈለ ሰው ግን 50.60 ያገኛል። ያ 17 ሳንቲም ነው ለእኔ ቪዋፕን ከተራ አማካይ መስመር የሚለየው። ዋጋው እየወጣ ሳለ የሚገዛው አክሲዮን እየቀነሰ መሄዱን ተራው አማካይ አያውቅም።

ልጁ ጋ ያለው 49.70 የመጣው ከመክፈቻው ደወል በፊት ከነበረው ግብይት ነው። ኩባንያው ማታ ውጤቱን አሳውቆ ነበር፤ ከመደበኛው ሰዓት በፊት 300,000 አክሲዮን በ48 ዶላር አካባቢ ተሸጧል። ያንን ስትጨምር 49,700,000 ለ1,000,000 ይሆናል። የስልኩን ማስተካከያ ከፍቶ የተራዘመውን ሰዓት ሲያጠፋው ከእኔ ጋር ሊገጥም ሁለት ሳንቲም ብቻ ቀረው። ያችም የእኔ ከእያንዳንዱ ግብይት፣ የእሱ ከካንድል ስለሚሰላ ነው። ልዩነቱ ከዚህ ሰፍቶ ቢሆን ኖሮ ቮልዩሙን አስመረምረው ነበር። ነጻ የሆኑ አንዳንድ ቻርቶች የአንድን የአክሲዮን ገበያ ግብይት ብቻ ይዘው የሁሉንም አስመስለው ያሳያሉ። የቀኑን ጠቅላላ ቮልዩም ከሌላ ምንጭ ጋር ብታስተያየው ወዲያው ይታወቃል።

ሌሊቱንም መቁጠር አለብን የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። በ48 የገዛውም ሰው እኮ ገዢ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ ነገር ግትር ነኝ፤ ቪዋፕ በኒውዮርክ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል፣ ደወሉ ሲደወል ይጀምራል። ምክንያቴ ይህ መስመር ለምን እንደተሠራ ከማወቄ የመጣ ነው።

ብቻዬን መነገድ ከመጀመሬ በፊት ለደንበኞች ትዕዛዝ በሚያስፈጽም የብሮከር ቤት ዴስክ ላይ ሠርቻለሁ። አንድ የጡረታ ፈንድ 500,000 አክሲዮን ግዙልኝ ይላል። ማታ ላይ ጥያቄው «ጥሩ ገዛችሁልኝ ወይስ ተበላሁ?» ነው። በምን ትለካዋለህ? የቀኑ ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ምናልባት 200 አክሲዮን ነው የተሸጠው፤ ማንም 500,000 ሊያገኝበት አይችልም። የመዝጊያው ዋጋ ደግሞ የአንድ ቅጽበት ዋጋ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1988 ስቴፈን በርኮዊትዝ፣ ዴኒስ ሎግ እና ዩጂን ኖዘር በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ የግብይት ወጪን ያጠኑበትን ጽሑፍ ሲያወጡ መለኪያ ያደረጉት በቮልዩም የተመዘነውን የቀኑን አማካይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ዴስኮች የሚቀርበው ሪፖርት በዚህ ይለካል። በአማካይ 50.38 ገዝተህ የቀኑ ቪዋፕ 50.43 ከሆነ ለደንበኛው በ500,000 አክሲዮን 25,000 ዶላር አትርፈህለታል።

እንግዲህ «ተገቢ ዋጋ» የሚባለው በዚህ ትርጉሙ ብቻ ነው። ኩባንያው ስንት ያወጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። የሚነግርህ ዛሬ ያለምንም ብልጠት፣ ከሁሉም ሰው ጋር በየድርሻህ ቀስ እያልክ ብትገዛ ኖሮ የምትከፍለውን ነው። ስለዚህ መለኪያው ትልቅ ትዕዛዝ ሊፈጸምበት የሚችለውን ሰዓት መያዝ አለበት። ከደወሉ በፊት ያለው ገበያ ስስ ነው፤ የጡረታ ፈንዱ 500,000 ሊገዛበት አይችልም። ሊገዛበት ባልቻለው ሰዓት ዋጋ እሱን መለካት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፣ ሁሌ የምከራከርበት። «ትላልቆቹ ቪዋፕ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ ዋጋው እዚያ ሲደርስ ይገዛሉ» ይባላል። ያየሁት ሥራ እንደዚህ አልነበረም። ቪዋፕን የሚከተል አልጎሪዝም ትዕዛዙን ይቆራርጥና ቮልዩም በተለመደው አካሄዱ እንዴት እንደሚከፋፈል አይቶ ያሰራጨዋል፤ ጠዋት ብዙ፣ እኩለ ቀን ትንሽ፣ ወደ መዝጊያው እንደገና ብዙ። ዋጋው ከመስመሩ በላይም ቢሆን በታችም ቢሆን መግዛቱን አያቆምም፤ መስመሩ ላይ የተሰለፈ የገዢ ግንብ የለም። ዋጋውን ወደ መስመሩ የሚስበው ሌላ ነው፤ እንደ እኛ በእጁ የሚያስፈጽም ሰው። መለኪያው ቪዋፕ ስለሆነ ገዢው ከመስመሩ በታች ሲያገኝ እጁን ይፈታል፣ በላይ ሲሆን ይቆጥባል። ሻጩ ተቃራኒውን ያደርጋል። ሁለቱም ጋ አስቸኳይ ነገር ከሌለ ዋጋው በመስመሩ ዙሪያ ይመላለሳል።

አስቸኳይ ነገር ካለ ግን መስመሩ ማንንም አያስቆምም። ዜናው ትኩስ ሆኖ ገዢው «ዛሬ ካልያዝኩ ነገ አላገኝም» ካለ ዋጋው ቀኑን ሙሉ መስመሩን ሳይነካ ይውላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መስመሩ ራሱ ሳያቋርጥ ይወጣል፣ ዋጋው ለመመለስ ሲሞክርም መስመሩ ጋ ሳይደርስ ገዢ ያገኛል። በእንደዚህ ያለ ቀን «ከተገቢው ዋጋ ርቋል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሲያሳዝነኝ ይኖራል።

ዴስካችንን የምትመራ ሴት ነበረች፤ ሪፖርት ስታነብ ከቪዋፑ ቁጥር በፊት ሌላ ቁጥር የምትፈልግ። የእኛ ትዕዛዝ ከቀኑ ቮልዩም ስንት እጅ ነው? አንድ ጊዜ ግብይቱ ስስ በሆነ አክሲዮን ላይ የደንበኛው ትዕዛዝ የቀኑን ግማሽ ሊሞላ ደርሶ ነበር። ሪፖርቱ ከቪዋፕ አንድ ሳንቲም ብቻ መራቁን ያሳያል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎታል። እሷ ግን ስልክ አንስታ ደወለችለት፤ አክሲዮኑ ከጠዋት ጀምሮ ከአንድ ዶላር በላይ የወጣው በራሱ ግዢ እንደሆነ፣ አማካዩም በአብዛኛው የራሱ ዋጋ ስለሆነ ምንም እንደማይመሰክርለት ነገረችው። ቪዋፕ ዳኛ የሚሆነው አንተ ከቀኑ ገበያ ትንሽ ክፍል ስትሆን ነው። ያን ስልክ ባትደውልም ማንም አይወቅሳትም ነበር። ይህን ሥራ እንዳከብረው ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ያ ጥሪ ነው።

አሁን የምነግደው በራሴ ገንዘብ ነው፤ በእኔ መጠን ገበያው አይንቀሳቀስም። ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። ደብተሬ ላይ ከእያንዳንዱ ግዢ ጎን ሁለት ቁጥር እጽፋለሁ፤ የገዛሁበትን ዋጋና መግዛት ከጀመርኩበት እስከ ጨረስኩበት ደቂቃ ድረስ ያለውን ቪዋፕ። የቀኑን ዝቅተኛ ዋጋ አልጽፍም። በዝቅተኛው ዋጋ ራሱን የሚለካ ነጋዴ ባተረፈበት ቀን እንኳ ቅር ብሎት ይገባል፣ ሌላውንም ቀን ያንን ሲያሳድድ ያበላሻል። ባለቤቴ ማታ «ዛሬስ እንዴት ዋልክ?» ስትለኝ የምመልሰው ሌላው ሰው ከከፈለው ጋር አስተያይቼ ነው። ባልሸጥኩበት ጫፍና ባልገዛሁበት ወለል እየተቆጨሁ እራት አልቀርብም። ይህን ሰላም የሰጠኝ የማካፈል ሂሳብ መሆኑ ዛሬም ይደንቀኛል።

ለልጁ የጨመርኩለት ነገር የመስመሩን ክብደት ነው። ጠዋት 700,000 አክሲዮን ብቻ ተገበያይቶ ሳለ፣ ከመስመሩ አንድ ዶላር ከፍ ብሎ 100,000 አክሲዮን ቢሸጥ ቪዋፑ በ12 ሳንቲም ተኩል ይወጣል። ከሰዓት በኋላ 6 ሚሊዮን ከተገበያየ ወዲህ ያው 100,000 አክሲዮን በዚያው ርቀት ቢሸጥ የሚያነሳው ሁለት ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ጸጥ ብሎ ሲተኛ ብዙዎች «ጠንክሯል» ይላሉ። የቀኑ ቮልዩም ስለተጫነው ነው እንጂ ማንም እየጠበቀው አይደለም።

«ታዲያ በመጨረሻው ሰዓት ምን ያያሉ?» አለኝ። ከ9 ሰዓት በኋላ ለአዲስ ግዢ ቪዋፕን አላይም አልኩት። በዚያ ሰዓት ትልልቁ ትዕዛዝ 10 ሰዓት ላይ ለሚደረገው የመዝጊያ ጨረታ እየተሰናዳ ነው። የጨረታው ሚዛን ወደ ገዢ ወይም ወደ ሻጭ ካዘነበለ ዋጋው ወደዚያ ይሄዳል፤ ጠዋት የተከፈለውን የሚያስታውስ የለም። ማየት ካለበት ከሰዓት በኋላ አዲስ ዜና ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ቪዋፕ ያስጀምር፤ ከዚያ ወዲህ የገዙትን ብቻ የሚቆጥር። የጠዋቱን ግን ለሪፖርት ይተወው።